እቁቡ ከመውጣቱ በፊት ሥራ ስጡት

የቪዲዮ ስክሪፕት፣ 7 ደቂቃ ገደማ። ፊት አይታይም። ድምፅ፣ ስቶክ ምስልና ጽሑፍ ብቻ። መጨረሻ ላይ ለሾርት የሚሆን አንድ አጭር አለ።

ለኤዲተር፦ ዶላር የሚቆጥሩ እጆች እንዳይገቡ። የፈረንጅ ሳንቲም ያለበት ማሰሮም አይግባ። ስቶክ ላይ `Ethiopian birr` እና `jebena coffee` ብለህ ፈልግ። ካጣህ በስልክ የቀረጽነውን ተጠቀም፤ ጥራቱ ቢያንስም ሰው የራሱን ብር ሲያይ ነው የሚያምነን።

መክፈቻ

ምስል፦ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ ጭጋግ ሲነሳ (የራሳችን)። ከዚያ ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛ ላይ።

ጽሑፍ፦ 20,000 ብር። 9 ቀን።

ድምፅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው የራሴ ታሪክ ነው። 20,000 ብር እቁብ ወጥቶልኝ በ9 ቀን አለቀ። ማንም አልሰረቀኝም፣ ቤት ውስጥም የታመመ ሰው አልነበረም። እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ላይ ደርሷል ብዬ አስባለሁ።

ፌስታሉ

ምስል፦ ሲኒ ላይ የሚቀዳ ቡና፣ የሚታጠፍ ወረቀት፣ ሐምራዊ ባለ 200 ብር ኖት በቅርብ። ደብተር ላይ የሚጽፍ እጅ።

ጽሑፍ፦ (አንድ በአንድ ይውጣ) ለጓደኛ ብድር 5,000 / ጃኬት 4,500 / ስልክ 6,000 / ግብዣ 2,300 / ??? 2,200

ድምፅ፦ እቁባችን 20 ሰው ነው፣ በሳምንት 1,000 ብር። የምንሰበሰበው እሁድ ጠዋት ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው። በ4ኛው ሳምንት ጸሐፊው የተጣጠፈውን ወረቀት ፈታና ስሜን ጠራ። ጭብጨባ ሆነ። ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ እኔም ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ገና ከበሩ ሳልርቅ አንድ ጓደኛዬ ደወለ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶታል። 5,000 ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ማክሰኞ ጃኬት ገዛሁ። ሐሙስ ስልክ ቀየርኩ፣ የድሮው ይሠራ ነበር። ልጆቹ «ጋብዘን እንጂ» አሉ፣ ጋበዝኩ። 2,200 ብር ደግሞ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ፣ አልመጣልኝም።

(ሁለት ሰከንድ ዝምታ)

ከዚያ በኋላ 16 ሳምንት በየእሁዱ 1,000 ብር ይዤ ሄድኩ። ብሩ የለም፣ ክፍያው ግን አለ።

ዕጣው ስንተኛ ነው?

ምስል፦ የሚገለበጥ የቀን መቁጠሪያ። ባዶ ጥቁር ገጽ ላይ ጽሑፍ ብቻ፣ ቀስ ብሎ።

ጽሑፍ፦ 4ኛ ሳምንት፦ የከፈልኩት 4,000፣ የወሰድኩት 20,000። የሰው ብር 16,000።

ድምፅ፦ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። እቁብ ቁጠባ ነው እንላለን። ለሁሉም ግን አይደለም። በ4ኛው ሳምንት እኔ የከፈልኩት 4,000 ብቻ ነበር። የቀረው 16,000 የእቁብተኛው ብር ነው፣ አበድረውኛል። ያውም ያለ ወለድ። ደሴና ኮምቦልቻ ወለድ የማይነኩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች እቁብን የሚወዱት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ባንክ ሄደህ ያለ ማስያዣ 16,000 ስጡኝ ብትል ማን ይሰጥሃል?

በ20ኛው ሳምንት የሚወጣለት ሰውስ? እሱ ነው ቆጣቢው። ሲያበድረን ከርሞ መጨረሻ ላይ የራሱን ብር ይወስዳል። ቁጥሩ ያው 20,000 ነው፣ ገበያው ግን 20 ሳምንት ሙሉ አልጠበቀውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣለት ሰው ብድር ተቀብሏል። ብድር ደግሞ ጃኬት አይገዛበትም። እኔ ይሄ ስላልገባኝ ነው የሰው ብር ለብሼ የዞርኩት።

የኮምቦልቻዋ እህት

ምስል፦ ጀበና ከሰል ላይ፣ እንፋሎት። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ከጀርባ (ፊት አይታይ)። የተጨማደደ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር።

ጽሑፍ፦ ወረቀቱ ከዕጣው በፊት ተጻፈ

ድምፅ፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ቡና አፍልታ የምትሸጥ አንዲት እህት አለች። ጠዋት ፈረቃ የሚገቡት ልጆች እሷ ጋ ሳይቆሙ አያልፉም። እሷም እንደኔ የ20,000 እቁብ ነበራት። ግን እቁቡ ሲጀመር፣ ገና የመጀመሪያው ዕጣ ሳይወጣ፣ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፈች። ሁለተኛ ምድጃ። 12 በርጩማ። ለዝናብ የሚሆን ሸራ። ገበያ ወርዳ የእያንዳንዱን ዋጋ ጠይቃ አጠገቡ አሰፈረች። ወረቀቱን ያስቀመጠችው የስኳር ዕቃው ክዳን ውስጥ ነው፤ አሳየችኝ፣ ጠርዙ በስኳር ተጣብቋል።

የነሱ እቁብ የሁሉንም ተራ መጀመሪያ ላይ ነው የሚያወጣው። ዕጣዋ 13ኛ ሆነ። ክረምቱ ሊገባባት ነው፣ ሸራው ደግሞ ለክረምት ነበር የተፈለገው። ምን አደረገች? 6ኛው ዕጣ ለደረሰው ሰው ሄዳ «ብሩን ለምን ፈለግከው?» አለችው። ለመስከረም የልጆች ትምህርት ቤት ነው፣ አላት። ዳኛው ፊት ተለዋወጡ። ዋሶቻቸውም ተስማሙ፣ ጸሐፊው መዘገበው። ማንም ሳንቲም አልጨመረም። እሱም ለመስከረም ብሩን እጁ ላይ አገኘው፣ አለጊዜው ቢደርሰው ኖሮ እንደኔ ሊበላው ይችል ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መለዋወጥ ሌላ ነው፣ ዕጣ መሸጥ ሌላ ነው። 20,000 የሚደርሰውን ዕጣ በ18,000 የሚሸጥ ሰው አለ። ያ 2,000 የብድር ዋጋ ነው፣ ትልቅ ዋጋ ነው። ሃይማኖታችሁ ወለድ የሚከለክል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

የመጀመሪያው ቀን

ምስል፦ ባንክ ወረፋ (ስቶክ፣ የኛ አገር የሚመስል)። ስልክ የሚነካ አውራ ጣት።

ጽሑፍ፦ ብሩ ቤት አይደር

ድምፅ፦ ብሩ እጃችሁ በገባበት ቀን፣ እሁድ ከሆነ ሰኞ ጠዋት፣ አካውንት ውስጥ ይግባ። የሚገዛው ነገር ዋጋው ታውቆ ካለቀ ግን ቀጥታ ገበያ ውረዱ፣ ደሴ ከሆናችሁ ሰኞ ገበያ አለላችሁ። መደበኛ ቁጠባ ወለድ አለው፤ ለምሳሌ 7 በመቶ ቢሆን፣ 20,000 ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ ከግብር በፊት 1,400 ብር ነው። ገበያው ከዚያ በላይ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ስለዚህ አካውንቱን እንደ ማረፊያ እዩት። ወለድ የማትፈልጉ ወለድ አልባ መስኮት ጠይቁ፤ ወዲዓ ከሆነ ብራችሁ እንዳለ ይቀመጣል፣ ሙዳረባ ከሆነ ከትርፉ ይካፈላል። ሲከፍቱላችሁ የትኛው እንደሆነ ስሙን አስነግሩ።

«አብሽር፣ ግን...»

ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የሚንቀጠቀጥ ስልክ፣ ጥሪ ገብቶ።

ጽሑፍ፦ «ቀን ተቆርጦለታል»

ድምፅ፦ ጓደኛስ ሲደውል? ወሎ ነን፣ እምቢ ማለት ይከብደናል፣ እኔም ያንን ባህል እንድትጥሉ አልፈልግም። ወንድማችሁ ከተቸገረ ስጡ። ግን የምትሰጡትን ከዕጣው በፊት ወስኑ። ወረቀቱ ላይ አራተኛ መስመር ጨምሩ፣ «ለሰው፣ 1,000» በሉ። ሲደወል እንዲህ በሉት፦ «አብሽር፣ 1,000 አለኝ፣ መመለስም የለብህም። የቀረው ግን ቀን ተቆርጦለታል።» እኔ ያበደርኩት 5,000 እስካሁን አልተመለሰም። ብሩን ትቼዋለሁ። የከፋኝ ልጁ ሲያየኝ መንገድ መቀየሩ ነው፤ ድሮ በየቀኑ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አብረን ሻይ እንጠጣ ነበር።

መዝጊያ

ምስል፦ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ። ከመስኮት ውጪ ጦሳ ተራራ።

ጽሑፍ፦ ዕጣችሁ ስንተኛ ነው?

ድምፅ፦ አሁን እቁብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ሁለት ነገር ጻፉልኝ። ዕጣችሁ ስንተኛ ነው? ብሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገዛው ምንድነው? የብሩን መጠን አትጻፉ፣ ስምና ሰፈርም አያስፈልግም። መልሶቻችሁን አንብቤ የሚቀጥለውን ቪዲዮ ከእነሱ ላይ እሠራለሁ።

---

ሾርት፣ 50 ሰከንድ፦ ለእቁብ ብለህ አትበደር

ለኤዲተር፦ በቁም ይሁን። ጽሑፉ ትልቅ፣ ከታች ሦስተኛው ላይ፤ አብዛኛው ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው።

ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ የስልክ ብርሃን። ከዚያ የሚቆጠሩ ብሮች።

ጽሑፍ፦ 60 ብር × 16 ሳምንት = 960

ድምፅ፦ ቅዳሜ ማታ ነው። ነገ እቁብ አለ፣ ኪስ ባዶ ነው። ስልክህን አውጥተህ ቴሌብር ላይ ብድር ትወስዳለህ። ለአንድ ጊዜ፣ ለክፉ ቀን፣ ችግር የለውም። በየሳምንቱ ከሆነ ግን እናስላው። ለምሳሌ ለ1,000 ብር የምትከፍለው 60 ብር ቢሆን፣ 16 ሳምንት 960 ብር ነው። አንድ ሙሉ የእቁብ ክፍያ ሊሆን 40 ብር ቀረው። ከመበደርህ በፊት ክፍያው በመቶኛ ሳይሆን በብር ስንት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አንብብ፣ በሳምንቱ ቁጥር አባዛው።

ጽሑፍ፦ ግማሽ ዕጣ

ድምፅ፦ እቁቡ ከብዶህ ከሆነ ዳኛውን አናግረው። ከአንድ ጓደኛህ ጋር ግማሽ ግማሽ ግቡ፣ 500 አንተ፣ 500 እሱ። ሲወጣ 10,000፣ 10,000 ትካፈላላችሁ። የቅሬውን፣ ማለትም የእድሩን ብር ግን እንዳትነካ፣ እሱ ሌላ ነው፣ እሱን በጊዜው ክፈል።