የሠራተኞች ቅሬታ አቀራረብና አፈታት ሥርዓት

ይህ ሥርዓት በደብረ ብርሃን በሚገኘው የልብስ ስፌት ፋብሪካችን በቋሚነት፣ በጊዜያዊነት ወይም በሙከራ ጊዜ የሚሠራ ማንኛውም ሠራተኛ ቅሬታ ሲኖረው ለማን እንደሚያቀርብ፣ በስንት ቀን ምላሽ እንደሚያገኝና በምላሹ ካልተስማማ ወዴት እንደሚሄድ ይደነግጋል። እስካሁን ቅሬታ በአብዛኛው በቃል ብቻ ይስተናገድ ስለነበር አንዱ ፎርማን በዕለቱ የሚፈታውን ጉዳይ ሌላው ለሳምንታት ያቆየው ነበር፤ ሠራተኛውም መቼና ለማን እንደተናገረ የሚያሳይበት ወረቀት አልነበረውም። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቅሬታ ቀን፣ መዝገብ ቁጥርና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ይኖረዋል።

የሚሸፈኑ ጉዳዮች

ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ፈቃድ፣ የሽፍት ምደባ፣ ዕድገት፣ የዲሲፕሊን እርምጃ፣ የሥራ ላይ ደህንነት፣ እንዲሁም ከአለቃም ሆነ ከሥራ ባልደረባ የሚደርስ በደል በዚህ ሥርዓት ይታያል። የደመወዝ ጭማሪን የመሳሰሉ ሠራተኞችን በጋራ የሚመለከቱ ጥያቄዎች ግን በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ይቀርባሉ።

በዚህ ሰነድ "ቀን" ሲባል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለ የሥራ ቀን ማለት ሲሆን፣ ቆጠራው ቅሬታው ከቀረበበት ወይም ውሳኔው ከደረሰበት ማግስት ይጀምራል።

የመጀመሪያ ደረጃ፦ የቅርብ ኃላፊ

ሠራተኛው ቅር ያሰኘውን ነገር ባወቀ በ15 ቀን ውስጥ ለሽፍት ፎርማኑ ወይም ለቅርብ ኃላፊው በቃል ወይም በጽሑፍ ያስረዳል። ኃላፊው በ3 ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጣል፤ ቅሬታው በቃል ቢቀርብም የቀረበበትን ቀን፣ የጉዳዩን ፍሬ ነገርና የሰጠውን ምላሽ በክፍሉ መዝገብ ላይ አስፍሮ ሠራተኛውን ያስፈርማል። ቅሬታው በራሱ በኃላፊው ላይ ከሆነ ሠራተኛው ይህን ደረጃ አልፎ በቀጥታ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ይሄዳል፤ ለምን እንዳለፈው ማብራሪያ አይጠየቅም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የሰው ሀብት ክፍል

በመጀመሪያው ደረጃ መፍትሔ ያላገኘ ወይም በ3 ቀን ውስጥ ምላሽ ያልተሰጠው ሠራተኛ በቀጣዮቹ 5 ቀናት ቅሬታውን በጽሑፍ ለሰው ሀብት ክፍል ያቀርባል። ክፍሉ ማመልከቻውን ሲቀበል የመዝገብ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ፈርሞበትና ማኅተም አድርጎበት አንዱን ቅጂ ወዲያውኑ ለሠራተኛው ይመልሳል፤ ያልተፈረመበት ቅጂ ይዞ የሚመለስ ሠራተኛ ሊኖር አይገባም። መጻፍ የማይችል ወይም በጽሑፍ ማስረዳት የሚያስቸግረው ሠራተኛ በመረጠው ሰው ማስጻፍ ይችላል፤ የተጻፈው ከመፈረሙ በፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብለታል። ክፍሉ በ5 ቀን ውስጥ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይወስናል።

ማመልከቻው ሰፊ መሆን የለበትም፤ ምን እንደተፈጸመ፣ መቼ፣ ማን እንደነበረና ሠራተኛው ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ከገለጸ በቂ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የክፍያ ቅሬታዎችን በቁጥር ማቅረብ ነው። ለምሳሌ የወር ደመወዙ 4,160 ብር የሆነ ሠራተኛ ደመወዙ ለ208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓት ክፍያው 20 ብር ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ሕጉ የሰዓቱን ክፍያ በ1.75 ስለሚያባዛ፣ በዚህ ጊዜ 3 ሰዓት የሠራው 105 ብር ሊከፈለው ይገባል፤ በቀኑ ስሌት በ1.5 ተባዝቶ 90 ብር ከተከፈለው 15 ብር ይጎድለዋል። ሠራተኛው የሠራበትን ቀንና ሰዓት ከነክፍያ ማስረጃው ካያያዘ ክፍሉ ከሰዓት መቆጣጠሪያው መዝገብ ጋር አመሳክሮ ጉዳዩን ወዲያውኑ መጨረስ ይችላል። የመቆጣጠሪያውን መዝገብ ማቅረብ ግን የፋብሪካው እንጂ የሠራተኛው ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ

በሰው ሀብት ክፍል ውሳኔ ያልተስማማ ሠራተኛ ውሳኔው በደረሰው በ5 ቀን ውስጥ ለኮሚቴው ያመለክታል። ኮሚቴው አምስት አባላት አሉት፤ ሁለቱን ዋና ሥራ አስኪያጁ ከክፍል ኃላፊዎች ይመድባል፣ ሁለቱን የሠራተኛ ማኅበሩ ይመርጣል፣ አንዷን ሴት ሠራተኞች ከመካከላቸው በቀጥታ ይመርጣሉ። ሰብሳቢውን አባላቱ ራሳቸው ይሰይማሉ። የሰው ሀብት ክፍል ባለሙያ ቃለ ጉባኤ ይይዛል እንጂ ድምፅ አይሰጥም፤ እየተመረመረ ያለው ክፍሉ የሰጠው ውሳኔ ነውና። ከጉዳዩ ጋር የሥራ፣ የዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት ያለው አባል ይነሳል፤ በምትኩም መራጩ ወገን ሌላ ይተካል።

ኮሚቴው የስብሰባውን ቀን ቢያንስ 2 ቀን አስቀድሞ ለሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ ያሳውቃል። ሠራተኛው የማኅበሩን ተወካይ ወይም የመረጠውን የሥራ ባልደረባ ይዞ መቅረብ ይችላል፤ ለዚህ ያጠፉት ሰዓት ከሁለቱም ደመወዝ አይቆረጥም። በሌሊት ሽፍት ላይ ያለ ሠራተኛ በዕረፍት ሰዓቱ ሳይሆን በሽፍቱ ሰዓት ወይም መግቢያው ላይ ይሰማል። ኮሚቴው ሁለቱንም ወገኖችና ምስክሮችን ሰምቶ በ10 ቀን ውስጥ በድምፅ ብልጫ ይወስናል፤ የልዩነት ሐሳብም በቃለ ጉባኤው ይሰፍራል።

ይግባኝ

ከሁለቱ ወገኖች በውሳኔው ቅር የተሰኘ በ5 ቀን ውስጥ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይግባኝ ያቀርባል፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም በ7 ቀን ይወስናል። ቅሬታው በዋና ሥራ አስኪያጁ ላይ ከሆነ ይግባኙን የሚያየው የባለቤቶች ቦርድ ነው። በየትኛውም ደረጃ ምላሽ ሳይሰጥ ጊዜው ካለፈ ሠራተኛው ምላሽ እንዳልተሰጠው ጠቅሶ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይሄዳል።

ፆታዊ ትንኮሳና ጥቃት

እነዚህ ቅሬታዎች ከላይ የተዘረዘሩትን ደረጃዎች አይከተሉም፤ ለማቅረብም የ15 ቀን ገደብ የለባቸውም። ተበዳይ በቃልም ሆነ በጽሑፍ በቀጥታ ሴት ሠራተኞች ለመረጧት የኮሚቴ አባል ታስረዳለች፤ ወንድ ተበዳይም ለእሷ ወይም ለመረጠው ሌላ አባል ያስረዳል። ተበዳይን ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አቀራርቦ መጠየቅ፣ እንድትታረቅ በሽምግልና መጫን ወይም በአሉባልታ ምክንያት ሽፍቷን መቀየር የተከለከለ ነው። ማጣራቱ እስኪያልቅ መለያየት ካስፈለገ የሚዛወረው ተከሳሹ ነው፤ ተበዳይ ራሷ መዛወር ከጠየቀች ግን ይፈቀድላታል። ጉዳዩ ወንጀል ሊሆን የሚችል ከሆነ ለፖሊስ የማመልከት መብቷ በማናቸውም ሁኔታ አይታገድም፤ የኮሚቴውን ውሳኔ መጠበቅም የለባትም።

ጥበቃና የፍርድ ቤት መብት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 መሠረት ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ የሥራ ውልን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ፋብሪካው ይህን አስፍቶ፣ ቅሬታ ያቀረበን ወይም የመሰከረን ሠራተኛ በሽፍት ምደባ፣ በዕድገት ወይም በትርፍ ሰዓት ምደባ የበቀለ ኃላፊ በዲሲፕሊን እንዲጠየቅ ይወስናል።

ሠራተኞች አንድ ነገር በጥብቅ እንዲያስተውሉ እናሳስባለን። በአዋጁ መሠረት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በፋብሪካው ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይህን ቆጠራ ያቆማል ተብሎ መታመን የለበትም፤ ስለዚህ ጊዜው የተቃረበበት ሠራተኛ ውስጣዊ ውሳኔውን ሳይጠብቅ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፣ በመሄዱም ቅሬታው እዚህ አይዘጋበትም። በዚሁ ምክንያት የክፍያ ቅሬታዎች 15 ቀን ስላለፋቸው ብቻ በፋብሪካው ውድቅ አይደረጉም፤ እስከ 6 ወር ድረስ ይስተናገዳሉ።

የቅሬታ ሰነዶች በሰው ሀብት ክፍል ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ የሚያያቸውም ጉዳዩን የሚመረምር አካልና ባለጉዳዮቹ ብቻ ናቸው። የፆታዊ ጥቃት ሰነዶች ግን ቅሬታውን በተቀበለችው ወይም በተቀበለው አባል እጅ ይቆያሉ።

ይህ ሥርዓት ከመጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ በየክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳና በመመገቢያ አዳራሹ ይለጠፋል፤ አዲስ ለሚቀጠር ሠራተኛም ውሉን ሲፈርም አንድ ቅጂ ይሰጠዋል።