የትናንቱ ቀጠሯችን

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሰናይት፣

ትናንት ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቦሌ ሱቅዎ ልንገናኝ ተቀጣጥረን ቀረሁ። ይቅርታ። ቀጠሮውን ለሐሙስ ነበር የመዘገብኩት፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ሥራዎን ትተው እንደጠበቁኝ ይገባኛል፤ ሲደውሉልኝም ስልኩን ሳላነሳ መቅረቴ ነገሩን አባብሶታል።

ሥራው እንዳይጓተት የመደርደሪያዎቹን ንድፍ ከዚህ መልእክት ጋር ልኬልዎታለሁ። ሁለት አማራጭ አለው። እኔን ከጠየቁኝ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ሁለተኛው ያምራል፣ ግን ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ስለሚጋርድ በቀንም መብራት ሊያበሩ ነው። ዋጋቸው ያው ነው።

የቀረው ልኬት መውሰድ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ነገ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት 2 ሰዓት ላይ፣ ወይም አርብ ከ11 ሰዓት በኋላ መምጣት እችላለሁ፤ ሁለቱም ካልተመቸዎት የሚሆንዎትን ሰዓት ይንገሩኝና እኔ እንደምንም አመቻቻለሁ። ከመነሳቴ በፊት እደውላለሁ።

የማስረከቢያው ቀን አልተነካም፣ ጥቅምት 20 እንዳልነው ነው።

ዳዊት