የሎኬሽን መምረጫ ዝርዝር፦ የወጥ ቤቱ ትዕይንት

ትዕይንቱ፦ እናትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ይጣላሉ።
ቀረጻው፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት፣ 12 ሰው።

ለሁለቱም ቤቶች ለየብቻ ይሞላ። የምትሄዱትም ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ በአዘቦት ቀን ጭር ያለ ሰፈር ቅዳሜ ሊንጫጫ ይችላል።

ድምፅ (እዚህ ከወደቀ ሌላውን አትሙሉ። መብራት ይዘን እንሄዳለን፣ ፀጥታ ግን አይጫንም።)

☐ ስልክ አጥፍታችሁ፣ ወሬ አቁማችሁ 5 ደቂቃ አዳምጡ። የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ፦ የውሃ ፓምፕ፣ ውሻ፣ የብረታ ብረት ቤት፣ የጎረቤት ሬዲዮ።
☐ መሃል ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። የሴራሚክ ግድግዳ ያስተጋባል። ከካሜራው ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀያ አለ?
☐ ፍሪጁን ማጥፋት ይቻላል? ሞተሩ እየተነሳ እየቆመ ስለሚውል ስትገቡ ዝም ማለቱ አያታልላችሁ። በቀረጻው ቀን የሚያጠፋው ሰው የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጥ። መልሶ ሳያበራ ወደ ቤቱ አይሄድም።
☐ የባዶውን ክፍል ድምፅ 1 ደቂቃ ቅዱና በሄድፎን ስሙት። ጆሯችን የለመደውን ጩኸት ማይክ አይምረውም።

ብርሃን

☐ መስኮቱ ወዴት ይዞራል? በስልክ ኮምፓስ ለኩ።
☐ ከአንድ ቦታ ላይ በየሰዓቱ ፎቶ አንሱ። 3 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ፀሐይ 5 ሰዓት ላይ እዚያው አይጠብቀንም፤ ንግግሩ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።
☐ የጣሪያው አምፖል በካሜራ ሲታይ ብልጭ ድርግም ይላል? ቢጫ ከሆነ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ፊት ላይ ይጋጫል። ይጥፋ ወይስ ይቀየር?

ኤሌክትሪክ

☐ የብሬከሩን ሳጥን አግኙ፣ አምፔሩን ፎቶ አንሱ። በ220 ቮልት፣ 10 አምፔር ማለት 2200 ዋት ነው። ሁለቱ መብራቶቻችን 600፣ ሞኒተርና ቻርጀር 400 ይወስዳሉ። የሜካፕ ክፍሉ ባለ 1800 ዋት ፎን እዚያው መስመር ላይ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። የትኛው ሶኬት በየትኛው መስመር እንደሆነ እያጠፋችሁ ለዩ።
☐ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር ድምፁ ሳይሰማ የሚቆምበት ቦታ አለ?

መግቢያ

☐ ሚኒባሱ በር ድረስ ይደርሳል? ደረጃ፣ የበር ስፋት፣ ሽንት ቤት፣ ተራ የሚጠብቁ ተዋንያን መቀመጫ።

ፈቃድ

☐ የፈቀደልን ሰው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ? ተከራይ ከሆነ የባለቤቱም ፊርማ ያስፈልጋል።
☐ ስምምነቱ በጽሑፍ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የምንገባባቸው ክፍሎች፣ ክፍያ፣ ለሚሰበር ዕቃ ተጠያቂው። «ኧረ ችግር የለም» የሚለው ቃል አይቆጠርም።
☐ ጎረቤቶች ያውቃሉ? በር ላይ ለሚቀረጸው ሾት የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ይፈልጋል?

ቅጹ ከፎቶዎቹና ከድምፁ ጋር እስከ ሰኞ ማታ ለዳይሬክተሩና ለድምፅ ባለሙያው ይድረስ። የድምፅ ባለሙያው «አይሆንም» ካለ ሦስተኛ ቤት እንፈልጋለን።