ኔትወርክ ቢጠፋም የጻፋችሁት አይጠፋም

የማስታወሻ መተግበሪያችን አዲሱ እትም 4.2 ከዛሬ ጀምሮ ለሁላችሁም ክፍት ሆኗል።

ከምትልኩልን መልእክቶች አንድ ቅሬታ አልጠፋም። «ጽፌ ጽፌ 'አስቀምጥ' ስለው ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ በመጨረሻ ባዶ ገጽ።» አንዲት እናት ሐኪሙ የነገራቸውን የመድኃኒት አወሳሰድ ኮሪደር ላይ ቆመው ጻፉት። ቤት ደርሰው ሲከፍቱት የለም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያለፉትን አራት ወራት ከሁሉም በላይ የደከምነው ለዚሁ ነው።

አሁን የምትጽፉት እያንዳንዱ ፊደል ወዲያውኑ ስልካችሁ ላይ ይቀመጣል። «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ጭራሽ አውጥተነዋል፤ አያስፈልግም። ሊፍት ውስጥ ሁኑ፣ ዳታ ይለቅባችሁ፣ ባትሪው ድንገት ይዝጋ፣ መልሳችሁ ስትከፍቱት ያቆማችሁበት ቃል ላይ ታገኙታላችሁ። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ቅጂው በራሱ ወደ አካውንታችሁ ይገባል።

ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ጎን ትንሽ ነጥብ አለች። አረንጓዴ ከሆነች ቅጂው አካውንታችሁ ውስጥ ገብቷል፤ ስልካችሁ ቢጠፋ እንኳ ከሌላ ስልክ ታገኙታላችሁ። ቢጫ ከሆነች ጽሑፉ ያለው ስልካችሁ ላይ ብቻ ነው፣ ኔትወርክ እየጠበቀ ነው። ይህቺን ነጥብ ልብ በሏት።

ፍለጋውም ተሻሽሏል። «ፀሐይ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉትም ያመጣላችኋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለፍለጋው አንድ ናቸው። የትኛውን ፊደል እንደተጠቀምን ማን ያስታውሳል? እኛ ራሳችን ስንቴ ተቸግረንበታል።

በስህተት የሰረዛችሁት ማስታወሻ 30 ቀን «የተሰረዙ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ይቆያል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ አንዴ ነክታችሁ መመለስ ነው።

የስልካችሁን ፊደል አተልቃችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መተግበሪያውም ያንኑ መጠን ይከተላል። መነጽር ፍለጋ መነሳት ቀረ። የሚይዘው ቦታም ከ84 ወደ 31 ሜጋባይት ወርዷል፤ ለፎቶ ቦታ ይተርፋችኋል።

ለማደስ ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ገብታችሁ የመተግበሪያውን ስም ፈልጉና «Update» የሚለውን ንኩ። ዳታ እንዳይበላባችሁ ዋይፋይ ስታገኙ ብታደርጉት ይሻላል። የድሮ ማስታወሻዎቻችሁ እንዳሉ ይቆያሉ።

አደራ፣ አሮጌውን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትጫኑት። ስልካችሁ ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ ካለ አብሮ ይጠፋል። ካደሳችሁ በኋላ ሁሉም ነጥቦች አረንጓዴ እስኪሆኑ ኢንተርኔቱን ክፍት አድርጉት። በማግስቱም ቢጫ ሆና የቀረች ካለች «እርዳታ» ውስጥ ገብታችሁ ጻፉልን፤ አብረን እናየዋለን።