ሊደርነቱን ስለማስረከብ፦ ለክላሽ ኦፍ ክላንስ ክላናችን አባላት

ሰላም ቤተሰብ፣

ሳላንዛዛ ልንገራችሁ፤ የእሁዱ ዋር እንዳለቀ ሊደርነቱን ለአቡሽ አስረክባለሁ።

ይህን ክላን በ2009 ዓ.ም. ስንከፍተው አራት ነበርን፣ ሁላችንም የአንድ ሰፈር ልጆች። ዛሬ 50ውም ቦታ ሞልቶ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። በአንድ ኮከብ የተሸነፍንበትን ዋር ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም (ያላጠቃው ሰው ራሱን ያውቃል)።

ኩርፊያ የለም። ልጅ ወልጃለሁ፣ ሥራዬም የሌሊት ፈረቃ ሆኗል። ባለፈው የክላን ዋር ሊግ ሰባቱንም ቀን አሰላለፍ ያወጣው አቡሽ ነው፤ እኔ ሁለቱን ቀን ጭራሽ አልገባሁም። እንዲህ ሆኖ ሊደር መባሉ ያሳፍራል።

ሥልጣኑን ስሰጠው ጌሙ ራሱ ወደ ኮ-ሊደር ያወርደኛል፤ ምን ተፈጠረ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ከክላኑ አልወጣም። አቡሽ ስለ ዶኔሽንም ሆነ ሳያጠቃ ስለሚቀር ሰው ሕግ ሊያጠብቅ ይችላል። ያኔ አቤቱታ ይዛችሁ እኔ ጋ አትምጡ፣ የምሰማው እሱን ነው።

ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ፣ በተለይ በንዴት ኪክ ያደረግኳችሁ፣ ይቅርታ።

ዋሩ እሁድ ማታ 3 ሰዓት ያልቃል። ሁለቱንም አታካችሁን ተጠቀሙ። ካስላችሁ ባዶ ከሆነ ጠይቁ፣ እሞላለሁ።