አስቸኳይ የቅጥር ማስታወቂያ (ተቀጣሪው ጓደኛችን ቢኒ መሆኑ ቀድሞ ታውቋል፣ አትልፉ)

የሥራ መደብ፦ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ቆጥሮ ማታ ለባጃጅ የሚበደር

ብዛት፦ 1፣ ሁለተኛ ቢኒ ድሬ አትችልም አቦ

የሥራ ልምድ፦ ከአልጋው ሳይወርድ "ከዚራ ደርሻለሁ" ብሎ ስልክ የሚዘጋ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ዓይኑን ገልጦ መተኛት የሚችል (ይሄን ሁላችንም እንመሰክራለን)

ተፈላጊ ችሎታ፦ "ሲስተም የለም" የሚለውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ፊቱን ሳያኮሳትር የሚናገር፣ ሀረሪም ከጨመረ ቦነስ አለው፣ በግንቦት ሙቀት ከረባት አስሮ እስከ 10 ሰዓት ሳይቀልጥ የሚቆይ፣ ሙሸበክ በበላበት ጣት ብር የማይቆጥር

ዋስ፦ ተበድሮ የመለሰለት አንድ ሰው ይዞ ይቅረብ፣ እኛ ፈልገን አጥተናል

ደመወዝ፦ በስምምነት፣ የመጀመሪያው ግን የኛ ነው፣ ፈጢራ ከነማሩ ለሁሉም

ምዝገባ፦ ዛሬ ማታ ሳቢያን፣ ኬኩ ሳያልቅ

ማሳሰቢያ፦ ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ፣ አበረታቹ ግን ቢኒ አይደለም