የሰብል ሽያጭ ግብር የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን ስለ መጠየቅ

ተባበር ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር
ቁጥር፦ ተሁገ/047/2011
ቀን፦ የካቲት 13 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት
አረርቲ

ጉዳዩ፦ ማኅበሩ ከአባላቱ ገዝቶ የሚሸጠው ሰብል ግብርና ታክስ ይከፈልበት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን ስለ መጠየቅ

ማኅበራችን 412 አባላት ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 97ቱ ሴቶች ናቸው። ዋና ሥራው የአባላቱን ጤፍ፣ ሽንብራና ስንዴ በመጋዘኑ ተቀብሎ በተሻለ ዋጋ መሸጥ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለን፤ ሒሳባችንም በ2010 በጀት ዓመት ተመርምሯል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሥራ አመራር ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት ባደረገው ስብሰባ ጉዳዩ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠየቅ ብሎ ስለወሰነ ነው። በቃልማ ብዙ ጠይቀናል፤ የተሰጠን መልስ ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል።

ነገሩ የተነሣው በሽንብራችን ነው። ባለፈው በጀት ዓመት ለአንድ ፋብሪካ 215 ኩንታል ሽንብራ፣ ኩንታሉን በ1,920 ብር ሸጥን። ጠቅላላ ዋጋው 412,800 ብር ነበር። ፋብሪካው ሲከፍለን ሁለት በመቶ፣ ማለትም 8,256 ብር ቀንሶ አስቀረና የቅናሽ ደረሰኝ ሰጠን። ደረሰኙ አባሪ ሆኗል። ሽንብራውን ከአባላት የገዛነው ኩንታሉን በ1,820 ብር ስለነበር፣ የማኅበሩ ጠቅላላ ልዩነት ገና የጫኝና የጥበቃ ወጪ ሳይነሣለት 21,500 ብር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጠው በአንድ ወረቀት ሄደ። ገዢው በአዋጅ 979/2008 ከ10,000 ብር በላይ በሆነ የዕቃ ግዢ ላይ ሁለት በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር መታዘዙን እናውቃለን፤ ስለዚህ በፋብሪካው ላይ ክስ የለንም። ማወቅ የምንፈልገው እኛ ከሚቀነስባቸው ወገን መሆን አለመሆናችንን ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ገዢ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ካልሰጣችሁኝ ጤፉን አልወስድም ብሎ ሚዛን ላይ የወጣውን ጆንያ አስወርዶ ሄደ። በዚያ ቀን መጋዘን ውስጥ የነበሩት አባላት ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ወሬው በየጎጡ ሲደርስ «ማኅበሩ ጤፋችንን ለግብር ሊያስመዘግበው ነው» ወደሚል ተለወጠ። አሁን በቀደም ዕለት አንዲት አባል ያመጡትን ሁለት ኩንታል ሳያስመዝኑ በአህያ መልሰው ወሰዱት፤ ለደላላ ሸጡት ተባለ። ስንት እንደከፈላቸው ባላውቅም በእኛ ሚዛን የሚያገኙትን እንዳላገኙ ግን እገምታለሁ። ማኅበሩ የተቋቋመው ገበሬው በደላላ እጅ እንዳይወድቅ ነበርና ይህን ማየት ያሳዝናል።

የእኛን ግንዛቤ ላስቀድምና ስህተት ካለው አርሙን። አባሎቻችን በየዓመቱ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በቀበሌው በኩል ይከፍላሉ። ይህ ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሽማግሌዎቻችን መካከል በአዋጅ 77/1968 መሠረት ከከፈሉበት ዘመን ጀምሮ ደረሰኛቸውን በከረጢት ቋጥረው ያኖሩ አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 በግል በሚያርሱና በኅብረት ሥራ ማኅበር በተደራጁ ገበሬዎች ገቢ ላይ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ አባሉ ከማሳው ያገኘው ጤፍ ግብሩ የተከፈለበት ነው ብለን እናምናለን። ይኸው ጤፍ በመጋዘናችን በኩል ስላለፈ ብቻ ሁለተኛ ግብር ይወልዳል ወይ? የጥያቄያችን ሥር ይህ ነው።

በሌላ በኩል የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 ማኅበራት ከገቢ ግብር ነጻ እንደሆኑ፣ አባላት ግን ከሚያገኙት የትርፍ ድርሻ ላይ እንደሚከፍሉ የሚደነግግ መሆኑን ተረድተናል። ከአዋጅ 147/1991 ጀምሮ የነበረ አካሄድም ይኸው ነው። እንደዚህ ከሆነ ከሽንብራው ዋጋ የተቀነሰው 8,256 ብር የማን ግብር ነው? ማኅበሩ ከሌለበት ግብር ላይ ሊቻቻልለት አይችልም፤ አባላቱም በስማቸው ደረሰኝ የላቸውም። ገንዘቡ ይመለስልናል ከተባለ አሠራሩን አሳዩን፤ አይመለስም ከተባለም ምክንያቱን ለአባላቱ አንብበን የምናስረዳበት ጽሑፍ ስጡን።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጥያቄያችሁን ሊያሳጥርላችሁ ስለሚችል በግልጽ አቀርባለሁ። በ2010 በጀት ዓመት 640 ኩንታል ነጭ ጤፍ በ2,150 ብር ገዝተን በ2,280 ብር፣ 180 ኩንታል ስንዴ ደግሞ በ1,050 ብር ገዝተን በ1,130 ብር ሸጥን። ከሽንብራው ጋር ጠቅላላ ሽያጫችን 2,075,400 ብር፣ የገዛንበት 1,956,300 ብር ነው፤ ልዩነቱ 119,100 ብር ይሆናል። ለጆንያ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመኪና፣ ለጥበቃና ለሚዛን ጥገና 47,600 ብር ወጥቶ የቀረው 71,500 ብር ነው። ሽያጩ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሲታይ ነጋዴ እንመስላለን። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ከ100 ብር 94ቱ ያለፈው በቀጥታ ወደ ገበሬው እጅ ነው።

ለዚህ ነው የሽያጭ ታክስ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን። በአዋጅ 308/1995 መሠረት በአገር ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ ላይ የሚከፈለው የተርን ኦቨር ታክስ ሁለት በመቶ ነው። ይህ በጠቅላላ ሽያጫችን ላይ ቢሰላ 41,508 ብር ይሆናል፤ ከቀረን 71,500 ብር ውስጥ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የዓመት ሽያጩ ከ1,000,000 ብር በላይ የሆነ ሁሉ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ይመዝገብ የሚለው ደግሞ እኛንም የሚመለከት ከሆነ፣ በ2,280 ብር የምንሸጠው ጤፍ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 342 ብር ይሆንና ኩንታሉ 2,622 ብር ይገባል። በዚያ ዋጋ የአዲስ አበባ ሸማቾች ማኅበራት አይገዙንም፤ ጎረቤት ያለው ነጋዴ ያለ ደረሰኝ ይሸጥላቸዋልና። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር መንግሥት ከምግብ እህልና ከዱቄት ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስንና የተርን ኦቨር ታክስን ማንሣቱን እናስታውሳለን። ያ ውሳኔ ዛሬም በሥራ ላይ ካለ፣ ገዢዎቻችን እንዲያምኑን የምናሳየው ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤታችሁ ቢሰጠን ችግሩ በአብዛኛው በዚያው ይቃለላል። ሽንብራ እንደ ጤፍና ስንዴ በምግብ እህል ውስጥ ይቆጠር እንደሆነም በስሙ እንዲጠቀስልን እንለምናለን፤ ገዢው የሚከራከረን በእርሱ ነውና።

ሁለት ነገሮችን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው፣ ከ640ው ኩንታል ጤፍ ውስጥ 96ቱን የገዛነው አባል ካልሆኑ የቀበሌው ገበሬዎች ነው። ውሉ የተገባበትን መጠን ለመሙላት ያደረግነው ሲሆን በመዝገባችን ለብቻው ተጽፏል። ከአባል ያልሆነ ሰው ገዝቶ መሸጥ ንግድ ነው ተብሎ በዚያ ክፍል ላይ ብቻ ግብር ይጠየቅ እንደሆነ ንገሩን፤ የሚጠየቅ ከሆነ እንከፍላለን። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ የእህል ወፍጮ አለው። በወፍጮ አገልግሎት ላይ ሁለት በመቶ የተርን ኦቨር ታክስ እንዳለ እናውቃለን፤ እርሱን እያስታወቅን ስለምንከፍል በዚህ ጥያቄ ውስጥ አናስገባውም።

የትርፍ ክፍፍሉን በሚመለከት የተለየ ማብራሪያ እንፈልጋለን። ከ71,500 ብር ውስጥ 30 በመቶው፣ 21,450 ብር፣ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። የቀረው 50,050 ብር ለአባላት ይከፋፈላል። ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል እንደ ዕጣው ብዛት የሚሰጥ ሲሆን፣ ሌላው አባሉ ወደ መጋዘኑ ባስገባው ኩንታል ልክ የሚመለስለት ነው። በዕጣ የሚሰጠው ላይ አሥር በመቶ ቀንሰን ገቢ ማድረግ እንዳለብን እንቀበላለን። በኩንታል ልክ የሚመለሰው ግን በእኛ አስተያየት ቀድሞ ያነሰ የጤፍ ዋጋ ማሟያ ነው፤ ገበሬው ጤፉን ሲያስረክብ ሊከፈለው ይገባ የነበረ፣ ሽያጩ እስኪታወቅ ግን በማኅበሩ እጅ የቆየ ገንዘብ። ይህም የትርፍ ድርሻ ተብሎ አሥር በመቶ ይቀነስበታል ወይስ አይቀነስበትም? ለአንዲት 11 ኩንታል ላስገባች አባል ልዩነቱ ጥቂት ብር ነው፤ ነገር ግን ከሕዝብ ፊት ቆሜ «ይህን ያህል ተቀንሶብሻል» ስል ምክንያቱን ማወቅ ይኖርብኛል።

ስለ ራሱ ስለ ገበሬውም አንድ ጥያቄ አለ። አባሎቻችን አንዳንድ ጊዜ ጤፋቸውን በማኅበሩ ሳይሆን በቀጥታ ለፋብሪካ ወይም ለድርጅት ይሸጣሉ። ገበሬው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም የንግድ ፈቃድም የለውም። ገዢው ደግሞ ይህን ካላቀረበለት ሻጭ ላይ 30 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር ሕጉ እንደሚያዝዘው ይናገራል። ገበሬ ማሳውን አርሶ ያመረተውን ሲሸጥ የንግድ ፈቃድ ከየት ያመጣል? የቀበሌው አስተዳደር አርሶ አደር መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ቢሰጠው ይበቃ እንደሆነ፣ የሚበቃ ከሆነም በምን ዓይነት ወረቀት እንደሚጻፍ ብታሳዩን አባሎቻችንን እኛው አዘጋጅተን እንልካለን።

ጠቅላላ ጉባኤያችን እሑድ መጋቢት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ይሰበሰባል። የ2010 ትርፍ ክፍፍል እስከ ዛሬ የዘገየው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው፤ ከዚህ በላይ ማዘግየት የአባላቱን እምነት ይጎዳል። ስለዚህ መልሳችሁ ከጉባኤው ቀደም ብሎ ቢደርሰን ትልቅ ውለታ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል ከጽሕፈት ቤታችሁ ሥልጣን በላይ የሆነ ካለ፣ የምትችሉትን መልሳችሁ የቀረውን ለሰሜን ሸዋ ዞን ገቢዎች መምሪያ እንድትመሩልንና ግልባጩን እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ባለሙያ መድባችሁ መዝገባችንን ማየት ብትፈልጉም ጽሕፈት ቤታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው፤ የግዢና የሽያጭ መዝገቡ፣ የሚዛን ደብተሩና የባንክ ደብተሩ ከእኔ ዘንድ ይገኛሉ። ያለብንን ለመክፈል ዝግጁ ነን፤ የሌለብንን ግን ከአባሎቻችን ላይ ቀንሰን መስጠት አንችልም።

ከሰላምታ ጋር

ወልደ ሐና ተክሌ
የማኅበሩ ጸሐፊ
(ፊርማና ማኅተም)

አባሪ፦ የማኅበሩ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ቅጂ፤ የ2010 በጀት ዓመት የሒሳብ ምርመራ ሪፖርት፤ የ8,256 ብር የቅናሽ ደረሰኝ ቅጂ፤ አባል ካልሆኑ ገበሬዎች የተገዛው የ96 ኩንታል ዝርዝር፤ የሥራ አመራር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ

ግልባጭ፦
ለምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ኅብረት ሥራ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት
ለማኅበሩ ሊቀ መንበር
ለማኅበሩ ቁጥጥር ኮሚቴ